«እሺ፤ ከዚያስ?» የተጠማዘዘ አንጀት በቃል ፈተና ጠረጴዛ ላይ

የቀዶ ሕክምና የቃል ፈተና የሚጠብቀው ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ተዘጋጅቶ የሚገባው ለመጀመሪያው ጥያቄ ነው። «የድንገተኛ የሆድ ሕመም መንስኤዎች ምን ምን ናቸው?» ቢባል የትርፍ አንጀት ሕመምን፣ የጨጓራ መበሳትን፣ የአንጀት መዘጋትን፣ የሐሞት ከረጢትና የቆሽት ብግነትን፣ ከማኅፀን ውጭ የሚፈጠር እርግዝናን ሳይንተባተብ ይዘረዝራል። ችግሩ የሚመጣው ፈታኙ ዝርዝሩን መሃል ላይ ቆርጦ «እሺ፤ ከዚያስ?» ሲል ነው። ወይም ምንም ሳይጠይቅ «አሁን የልብ ምቱ 124 ደርሷል» ብሎ ዝም ሲል።

በኢትዮጵያ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ከጽሑፍ ፈተናው ሌላ አንድ ታካሚ መርምረው የሚያቀርቡበት «ሎንግ ኬዝ»፣ አንዳንድ ምልክቶችን ብቻ የሚመረምሩበት «ሾርት ኬዝ» እና ፈታኞች ፊት ቁጭ ብለው የሚመልሱበት «ኦራል» ይጠብቃቸዋል። ቀዶ ሐኪም ለመሆን የሚሠለጥኑ ሬዚደንቶችም በሥልጠናው ፍጻሜ ከዚሁ ዓይነት ጠረጴዛ አያመልጡም። እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተውና ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡባዊ አፍሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅም አባላቱን በቃል ይፈትናል። ፈተናው የሚካሄደው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ከዚህ በታች የሚነበቡት ጥያቄና መልሶች በአማርኛ የቀረቡት ለአንባቢ ነው።

ፈታኞች ተከታታይ ጥያቄ የሚወዱበት ምክንያት ቀላል ነው። ተማሪዋ ሌሊት ተረኛ ሆና አንድ ታካሚ ሲባባስባት ምን እንደምታደርግ በዓይናቸው ማየት አይችሉም። ስለዚህ ታካሚውን በቃላት ያባብሱታል። አንድ ምልክት ይጨምራሉ፣ አንድ መሣሪያ ያሳጧታል፣ የሰጠችው ትእዛዝ ምክንያት ምን እንደሆነ ይጠይቃሉ፣ አልፎ አልፎም ልክ የሆነ መልስ ሰጥታ ሳለ «እርግጠኛ ነሽ?» ይሏታል። እነዚህን እንደ አዲስ ጥያቄ የምትሰማ ተፈታኝ በእያንዳንዱ ጊዜ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ትገልጣለች። ያው ታካሚ አንድ እርምጃ እንደተንቀሳቀሰ የሚገባት ግን የምትመልሰው ከነበረችበት ተነሥታ ነው።

ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ለዚህ የሚጠቀሙበት የመልስ ቅርጽ አጭር ነው። ምን አገኘሁ፤ ያገኘሁት ምን ማለት ነው፤ ስለዚህ አሁን ምን አደርጋለሁ፤ ሐሳቤን የሚያስቀይረኝስ ምን ቢታይ ነው። አራቱም በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር ይጠቃለላሉ። ቅርጹ ምን እንደሚሠራ የሚታየው ግን በአንድ ታካሚ ላይ ሲሞከር ነው። ለዚህ ደግሞ ለኢትዮጵያ ቀዶ ሐኪሞች ከተጠማዘዘ የሲግሞይድ አንጀት የቀረበ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

ሲግሞይድ የትልቁ አንጀት መጨረሻ አካባቢ፣ ከፊንጢጣ በላይ በስተግራ ያለው ጠመዝማዛ ክፍል ነው። በአንዳንድ ሰዎች ይህ ክፍል ከመጠን በላይ ይረዝማል፤ ከሆድ ጀርባ ጋር የሚያያይዘውና የደም ሥሮቹን የያዘው መጋረጃ ሥር ግን ጠባብ ይሆናል። ረጅም ቀለበት በጠባብ ሥር ላይ ሲንጠለጠል፣ እህል የሞላ ጆንያ አንገቱ ላይ እንደሚጠመዘዝ በራሱ ዙሪያ ይዞራል። ያኔ አየርና ሰገራ በሁለቱም በኩል ይታገዳል፣ ቀለበቱ ይነፋል፣ በአንገቱ የሚያልፉት የደም ሥሮችም ይታነቃሉ። ሕዝቡ «አንጀቱ ታጠፈ» የሚለው ሕመም አንዱ መልኩ ይህ ነው። የምዕራባውያን የቀዶ ሕክምና መጻሕፍት ለትልቁ አንጀት መዘጋት በቀዳሚነት የሚጠቅሱት ካንሰርን ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ግን ሲግሞይድ መጠምዘዝ ከዋና ዋናዎቹ መንስኤዎች አንዱ ነው፤ በብዛት የሚታየውም ከገጠር በሚመጡ ጎልማሳ ወንዶች ላይ ነው። መጽሐፉን እንዳለ የሸመደደች ተማሪ የመጀመሪያ ነጥቧን የምትጥለው እዚሁ ላይ ሊሆን ይችላል።

ፈታኙ ታካሚውን እንዲህ ያቀርበዋል እንበል። የ48 ዓመት ገበሬ ነው፤ ከሰሜን ሸዋ ገጠር የመጣ። ሆዱ ከተነፋ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ ሰገራም አየርም አልወጣውም። ቁርጠቱ ይመጣል ይሄዳል። ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆኖ በራሱ ለቆታል። የልብ ምቱ በደቂቃ 96፣ የደም ግፊቱ 120 በ70 ነው፤ ትኩሳት የለውም። ሆዱ በጣም ተወጥሯል፣ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል፣ ሲጫኑት ግን እምብዛም አያመውም። በጣት ሲመረመር ፊንጢጣው ባዶ ነው። «ምን ታስቢያለሽ?»

ደካማው መልስ «የድንገተኛ ሆድ ሕመም መንስኤዎች ብዙ ናቸው» ብሎ የሚጀምረው ነው። ፈታኙ እንደማያቋርጠው ተስፋ በማድረግ ከአንዱ በሽታ ወደ ሌላው ይዘላል። ጠንካራው መልስ ታካሚውን ራሱን ይይዛል። «ይህ የትልቁ አንጀት መዘጋት ነው፤ ሰገራም አየርም ፈጽሞ አቁመዋል፣ ሆዱ ከመጠን በላይ ተነፍቷል፣ ማስመለስም አልቀደመም። በዚህ ዕድሜ፣ ከገጠር የመጣና ከዚህ በፊት ተመላልሶበት የለቀቀው ስለሆነ መጀመሪያ የማስበው የሲግሞይድ መጠምዘዝን ነው። አሁን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ አንጀቱ ሞቷል ወይስ አልሞተም የሚለው ነው። ትኩሳት የለም፣ የሆድ ጡንቻው አልጠነከረም፤ ስለዚህ ለጊዜው የመሞት ምልክት አላየሁም። ሁለቱንም ብሽሽት ገልጬ ግን የታነቀ ቡአ አለመኖሩን አረጋግጣለሁ።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ተጨማሪ ጌጥ አይደለችም። በሱሪ የተሸፈነ የብሽሽት ቡአ አንጀት ሲዘጋ ሐኪሞች በቀላሉ የሚስቱት ነገር ነው፤ «ሌላስ?» ብሎ የሚጠይቅ ፈታኝ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀውም ይህንን ነው። ታካሚዋ ልጅ መውለድ በሚቻልበት ዕድሜ ያለች ሴት ብትሆን ደግሞ የሚጠበቀው የእርግዝና ምርመራ ነው፤ ከማኅፀን ውጭ የሚፈጠር እርግዝና ሲፈነዳ የሚገድለው በሰዓታት ውስጥ ነውና።

«ጥሩ። መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?» ብዙዎች «ራጅ አዛለሁ» ብለው ይወጣሉ። ይህ ቅደም ተከተሉን ያዛባል፤ ሁለት ቀን ያልበላና ያልጠጣ፣ ፈሳሹም ወደተነፋው አንጀት የፈሰሰ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ምስል አይደለም። በሁለቱም ክንድ ሰፋ ያለ መርፌ ይገባለታል፤ ሪንገር ላክቴት ወይም ኖርማል ሳላይን ይከፈትለታል። በአፍንጫው ወደ ጨጓራው ቱቦ ይወርድለታል፤ ሽንቱ የሚለካበት ካቴተር ይገባለታል። በዚያው መርፌ ደም ተወስዶ የደም ሴል ቆጠራ፣ የኩላሊትና የጨው መጠን፣ የደም ዓይነትና ተስማሚ ደም ይጠየቃል። አንጀቱ ይጎዳል ተብሎ ስለሚፈራም በአገር ውስጥ በሰፊው የሚሰጡት ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል ይጀመሩለታል።

ፈታኙ ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ያነሣል። «ሽንቱ ስንት እንዲሆን ትፈልጊያለሽ?» መልሱ በሰዓት ለእያንዳንዱ ኪሎ ግማሽ ሚሊ ሊትር ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝነው ለዚህ ገበሬ በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። «ለምን?» ኩላሊት በቂ ደም ሲደርሰው ሽንት ያመርታል፤ ሽንቱ ከቀነሰ ደሙ ወደ ውስጥ አካላት በበቂ እየደረሰ አይደለም፤ ይህም የልብ ምትና ግፊት ከሚናገሩት ቀድሞ ሊታይ ይችላል። «10 ሚሊ ብቻ ቢሆንስ?» እዚህ ላይ የመልሱ ቅርጽ ጥቅም ግልጽ ይሆናል። መጀመሪያ ካቴተሩ አለመዘጋቱን ታያለች። ካልተዘጋ ፈሳሹ አልበቃውም ማለት ነው፤ ትጨምርለትና በአጭር ጊዜ ውስጥ ተመልሳ ታየዋለች። ፈሳሽ በበቂ አግኝቶም ሽንቱ ካልጨመረ ግን ሐሳቧን ታስተካክላለች፤ አንጀቱ እየሞተ ይሆናል። ቁጥሩን ብቻ የሸመደደች ተማሪ «30» ብላ ታቆማለች። ቁጥሩ ለምን እንደሚጠቅም የምታውቀው ከቁጥሩ ተነሥታ ወደ ታካሚው ሆድ ትመለሳለች።

«ሕመሙ ጠንቶበታል። ሰርጅኑ እስኪመጣ ማስታገሻ ትሰጪዋለሽ?» ይህ ጥያቄ ዕድሜ ጠገብ ነው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ዛካሪ ኮፕ የድንገተኛ የሆድ ሕመምን ቀድሞ ስለመለየት የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1921 ታትሞ በትውልዶች ሐኪሞች እጅ ቆይቷል። በዚያ ዘመን የነበረው ምክር ሞርፊን ምልክቱን ስለሚሸፍን በሽታው እስኪታወቅ እንዳይሰጥ የሚል ነበር። ቆይተው የተደረጉ ንጽጽር ጥናቶች ግን ሕመሙን ማስታገስ የምርመራ ስሕተትን እንደማያበዛ አሳዩ፤ በዊሊያም ሳይለን የተዘጋጁት የመጽሐፉ የኋላ እትሞችም ይህንን ተቀበሉ። ስለዚህ መልሱ «አዎ» ነው። ምክንያቱም አብሮ መነገር አለበት፦ በመጀመሪያ የተገኘው ምልክት ከነሰዓቱ ይጻፋል፣ ማስታገሻው በመጠኑ በደም ሥር ይሰጣል፣ ሆዱም በድጋሚ ይመረመራል። አንዳንድ አንጋፋ ፈታኞች የቀድሞውን ልማድ ይዘው ፊታቸውን ሊያጠቁሩ ይችላሉ። ተፈታኟ በጨዋነት ምክንያቷን ብትናገር የምትጎዳ አይመስልም፤ ታካሚውን ያለ ማስታገሻ ማቆየት ግን በእርግጥ ይጎዳዋል።

ራጁ የሚመጣው አሁን ነው። ከዳሌ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ላይኛው የሆድ ክፍል የተወጠረ ትልቅ የአየር ቀለበት ይታያል፤ ሐኪሞች «የቡና ፍሬ ምልክት» ይሉታል። ቆሞ በሚነሣው የደረት ራጅ ላይ ደግሞ ከድያፍራም በታች ነጻ አየር መኖር አለመኖሩ ይታያል፤ ካለ አንጀቱ ተበስቷል። «ራጁ ተበላሽቷል» ቢባልስ? ታሪኩና ምርመራው በሽታውን ያመለክታሉ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሲግሞይዶስኮፕ የተባለው መመልከቻም በሽታውን አሳይቶ በዚያው ያክማል። መሣሪያ ሲታጣ ሥራው እንደማይቆም ማሳየት ነው የሚፈለገው።

ያለ ቀዶ ጥገና ጠመዝማዛውን የመፍታት ዘዴ በኖርዌያዊው ብሩስጎርድ እ.ኤ.አ. በ1947 ከቀረበው ዘገባ ወዲህ በሰፊው ይሠራበታል። ታካሚው በግራ ጎኑ ይተኛል። ሲግሞይዶስኮፑ በፊንጢጣ በኩል ቀስ ብሎ ይገባና የአንጀቱ ግድግዳ ተጠማዝዞ የሚጠብበት ቦታ ይታያል። በቅባት የተለሰለሰ ለስላሳ ቱቦ በዚያ ጠባብ በኩል ያለ ኃይል ይተላለፋል። ካለፈ አየርና ቀጭን ሰገራ በኃይል ይወጣል፤ ሆዱ እያዩት ይወርዳል፤ ይህንን ያየ ወጣት ሐኪም ለረጅም ጊዜ አይረሳውም። ቱቦው በቦታው ታስሮ በአብዛኛው ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ይቆያል።

ካላለፈ አይገፋም። የተወጠረ አንጀት በቀላሉ ይበሳል። ትንሹ አንጀት ራሱ በሲግሞይዱ ዙሪያ ተቋጥሮ የሚጠመዘዝበትም ጊዜ አለ፤ በኢትዮጵያ የማይጠፋ፣ አንጀት በፍጥነት የሚሞትበት፣ በቱቦም የማይፈታ ዓይነት ነው። ቱቦው እምቢ ካለ መንገዱ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ነው።

«ሆዱ ተነፈሰ፤ ገበሬውም ደስ ብሎታል። ነገ ወደ ቤቱ ትልኪዋለሽ?» ይህ ደግ የሚመስል ጥያቄ ብዙ ሰው ይጥላል። ቱቦው ያወጣው አየሩን እንጂ ረጅሙን ቀለበት አይደለም። በቱቦ ብቻ ተፈትተው ከተሸኙት መካከል ግማሽ ያህሉ ተመልሰው ይጠማዘዝባቸዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ሆስፒታል የሚደርሱት አንጀቱ ከሞተ በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለቀዶ ጥገና ብቁ የሆነ ታካሚ እዚያው ተኝቶ አንጀቱ ታጥቦ፣ የተበላሸው ኬሚስትሪው ተስተካክሎ፣ በቀናት ውስጥ ረጅሙ ክፍል ተቆርጦ ጤነኞቹ ጫፎች ይጋጠሙለታል። ለገበሬው ይህንን ማስረዳት ቀላል አይደለም፤ ሕመሙ ጠፍቷል፣ አዝመራው ይጠብቀዋል። «አሁን የተፈታልዎት አየሩ ነው፤ የሚጠማዘዘው አንጀት እዚያው አለ» ብላ ትነግረዋለች እንደምትል የምትመልስ ተፈታኝ የሕክምናውን ምክንያትም የታካሚውንም ልብ እንደምታውቅ ታሳያለች።

አሁን ፈታኙ ታሪኩን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። «ቱቦውን ከማስገባትሽ በፊት ነርሷ ጠራችሽ። የልብ ምቱ 124፣ ግፊቱ 90 በ60፣ ትኩሳቱ 38.6 ሆኗል። ሕመሙ መምጣት መሄዱን ትቶ የማያቋርጥ ሆኗል። ሆዱን ስትነኪው ጡንቻው ይጠነክራል።»

የፈተናው መገጣጠሚያ ይህ ነው። እያንዳንዱ ምልክት ለብቻው ቢመጣ ሌላ ምክንያት ይኖረው ይሆናል፤ የልብ ምት ከሕመምም ከውኃ ጥምም ይፈጥናል። አንድ ላይ ሲመጡ ግን የሚያመለክቱት አንድ ነገር ነው። ቁርጠት ወደማያቋርጥ ሕመም መለወጡ በተለይ ሊጠራ ይገባዋል፤ አንጀት እየተኮማተረ መግፋቱን ትቶ ደም ማጣቱንና የሆድ ሽፋኑ መቆጣቱን ይናገራልና። ጥሩ መልስ ይህንን ይመስላል፦ «የተለወጠው የሕመሙ ጠባይ፣ የሆድ ጡንቻው መጠንከርና የደም ዝውውሩ መዳከም ነው። አንጀቱ ሞቷል ወይም እየሞተ ነው ብዬ እወስናለሁ። ቱቦ አላስገባም። ፈሳሹን አጠናክሬ፣ ኦክስጅን ሰጥቼ፣ ሰርጅኑንና ማደንዘዣ ክፍሉን አሁኑኑ እጠራለሁ፤ ደም አስዘጋጃለሁ፤ ታካሚውንና ቤተሰቡን ስለ ቀዶ ጥገናውና ሰገራ በሆድ በኩል የሚወጣበት ኮሎስቶሚ ሊያስፈልግ ስለመቻሉ አነጋግራለሁ።»

ፈታኙ ይፈትናታል። «ቱቦው እኮ እጅሽ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ብትሞክሪው ምን ይጎዳል?» የምትመልሰው ምክንያቱን ይዛ ነው። የሞተ ግድግዳ በትንሽ ግፊት ይበሳል። ከዚህም በላይ ቱቦው አልፎ ሆዱ ቢወርድ ሁሉም ሰው ይረጋጋል፤ የሞተው አንጀት ግን ውስጥ ይቀራል። በዚሁ ምክንያት መጀመሪያ ጤናማ በሚመስል ታካሚ ላይም ቱቦው ደም የተቀላቀለ ፈሳሽ ካወጣ፣ ወይም በሲግሞይዶስኮፑ የታየው የአንጀት ሽፋን ሰማያዊ ወይም ጥቁር ከሆነ፣ ሥራው ተቋርጦ ወደ ቀዶ ጥገና ይገባል።

ሆዱ ሲከፈት ጥቁር፣ የተነፋ ቀለበት ይገኛል። «ትፈቺዋለሽ?» ብሎ ይጠይቃታል። በተለምዶ የሚሰጠው ትምህርት አንጀቱ መሞቱ ከተረጋገጠ ጠመዝማዛው ሳይፈታ ሥሩ እንዲያዝና እንዲቆረጥ ነው፤ በሞተው ክፍል የተጠራቀመው መርዛማ ነገር ወደ ደም እንዳይመለስ። «ቀለሙ የሚያጠራጥር ቢሆንስ?» ያን ጊዜ ተፈትቶ በሞቀ እርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል፣ ታካሚው ኦክስጅን ይሰጠዋል፣ ለአሥር ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። ቀለሙ ከተመለሰ፣ አንጀቱ ሲነካ ከተንቀሳቀሰ፣ የመጋረጃው የደም ሥሮች ከመቱ ሕያው ነው።

«ከቆረጥሽ በኋላ ጫፎቹን ትጋጥሚያለሽ?» እዚህ ላይ አንድ ብቻ ትክክለኛ መልስ የለም፤ ይህንን በግልጽ መናገርም ነጥብ ያስገኛል። ታካሚው ግፊቱ የጸና፣ ሆዱ በሰገራ ያልተበከለ፣ ቀሪው አንጀት ደም በሚገባ የሚያገኝ ከሆነና ሥራውን የሚያውቅ ሰርጅን ካለ መጋጠም ይቻላል። ይህ ገበሬ ግን ግፊቱ 90 በ60 ነው። ለእርሱ የሚመረጠው ፈረንሳዊው አንሪ አርትማን በዚያው በ1921 ለትልቁ አንጀት መጨረሻ ክፍል ካንሰር ያቀረበው ዘዴ ነው፤ የሞተው ይቆረጣል፣ የታችኛው ጫፍ ይዘጋል፣ የላይኛው በሆድ ግድግዳ በኩል ኮሎስቶሚ ሆኖ ይወጣል። ምክንያቱ አጭር ነው፦ የደም ዝውውሩ የተዳከመ ሰው የተጋጠመ አንጀት በቀላሉ ያፈስበታል፤ ማፍሰሱንም ሊቋቋም የሚችል አቅም የለውም።

ከዚህ በኋላ «እርግጠኛ ነሽ?» የሚለው ይመጣል። ብዙ ተፈታኞች ይህንን ሲሰሙ መልሳቸውን ወዲያው ይገለብጣሉ። ትክክለኛው ፈተና እዚህ ላይ ቀላል ነው፤ ፈታኙ አዲስ ምልክት ጨምሯል ወይስ አልጨመረም? ካልጨመረ የወሰነችበትን ምክንያት ደግማ በዚያው ትጸናለች። ከጨመረ፣ ለምሳሌ «ግፊቱ በፈሳሽ ወደ 120 ተመልሷል፤ አንጀቱ ጠቁሯል፣ ሆዱ ግን ንጹሕ ነው» ካለ፣ ሐሳቧን በምክንያት ትለውጣለች፤ «አሁን መጋጠምን አስባለሁ፤ የለወጠኝም የዝውውሩ መስተካከል ነው» ትላለች። ሁለቱም መልሶች አንድ ዓይነት አእምሮ ያሳያሉ። ያለ አዲስ ማስረጃ የሚገለበጥ መልስ ግን ፈታኙን ያስጨንቀዋል፤ በተረኛ ሌሊት በስልክ ሰርጅኑ ትንሽ ድምፁን ከፍ ቢያደርግ ይህች ሐኪም የታካሚውን ሁኔታ ትደብቃለች ብሎ ይፈራልና።

የማታውቀው ጥያቄም ይመጣል። «የጨው መጠኑ እንዲህ ቢወጣ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው ምን ያሳያል?» ቢላት ልታውቀው ላትችል ትችላለች። «አላውቅም» ብላ ብቻ ብታቆም ወይም የፈጠራ መልስ ብትሰጥ ሁለቱም ይጎዷታል፤ የፈጠራው መልስ ግን በብዙ ይብሳል። «ዝርዝሩን አላስታውስም፤ ፖታሲየሙ ከተዛባ ልቡን ሊጎዳ እንደሚችል ግን አውቃለሁ፤ ምርመራውን አነሣለሁ፣ ከማደንዘዣ ባለሙያው ጋርም ከመግባታችን በፊት እመክርበታለሁ» ብትል ያላወቀችውን ሳትደብቅ ታካሚውን ትጠብቃለች።

ፈታኙ ጊዜ ከተረፈው ታሪኩን ሰርጅን ወደሌለበት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ያወርደዋል። «ከሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ገበሬው ከመጀመሪያው ምልክቱ ጋር ነው።» መልሱ ፈሳሹን ከፍታ፣ የአፍንጫ ቱቦና ካቴተር አስገብታ፣ አንቲባዮቲክ ሰጥታ፣ ለተቀባዩ ሆስፒታል ደውላ መላክ ነው፤ ሲግሞይዶስኮፕ ካለና ከሠለጠነችበት ከመንገዱ በፊት ቱቦውን ትሞክራለች። በሪፈር ወረቀቱ ላይ «የአንጀት መዘጋት» ብቻ ብሎ መላክ ሰርጅኑን ከዜሮ ያስጀምረዋል። ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት፣ ሲነሣ የነበረው የልብ ምትና ግፊት፣ የተሰጠው ፈሳሽ መጠን፣ በየሰዓቱ የወጣው ሽንት፣ ሆዱ ሲመረመር ጡንቻው ጠንክሮ እንደነበር ወይም እንዳልነበር ይጻፋል። «በመንገድ ላይ ቱቦው ቢወጣስ?» አምቡላንሱ ውስጥ ያለችው ነርስ መልሳ በኃይል አታስገባውም። የልብ ምቱንና ግፊቱን ትለካለች፣ ሆዱን ትዳስሳለች፣ ያገኘችውን ከነሰዓቱ ጽፋ ለተቀባዩ ሰርጅን ትደውላለች፤ መኪናው ወደ ሆስፒታሉ ጉዞውን ይቀጥላል።